ከትዕዛዝ ደብተር ወደ ጎግል ሺት፦ የልብስ ስፌት ቤታችን ሽግግር

የሀበሻ ቀሚስ እናሰፋለን። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ትዕዛዝ የምንመዘግበው በደብተር ነበር፦ ስም፣ ስልክ፣ ልኬት፣ ጥለት፣ ቀብድ፣ ቀሪ፣ የመረከቢያ ቀን።

መጀመሪያ ሦስቱንም ደብተር ከዳር እስከ ዳር ልገለብጥ ተነሳሁ፤ ሁለት ቀን ደክሜ ተውኩት። ልብሱን የወሰደ ሰው ሂሳቡ አልቋል፣ ልኬቱም ቢሆን ሲመጣ እንደገና ይወሰዳል። ያልተረከቡትን ብቻ ስቆጥር 64 ሆኑ። ያንን አንድ ሰው በአንድ ቀን ይጽፈዋል።

ያስቸገረኝ ስም ነው። «ፀሐይ» በአንዱ ገጽ «ፀሃይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ተብሎ ተጽፏል። ለእኛ ሁሉም አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰው ነው። አንዲት ደንበኛ በዚህ የተነሳ ሁለት ቦታ ገብታ፣ ቀብዷ በአንዱ ረድፍ ብቻ ስለነበር የከፈለችውን ልንጠይቃት ነበር። ስለዚህ ደንበኛን የምንለየው በስልክ ሆነ። ስልኩም አንዱ በ+251፣ ሌላው በ09 ይጀምራል፤ ቁጥር ብቻ ሲሆን ደግሞ ሺቱ የፊቱን ዜሮ ይጥለዋል። ዓምዱን ቀድሜ ወደ Plain text ቀየርኩና በጎኑ ይህን አስገባሁ፦

```
="0"&RIGHT(SUBSTITUTE(C2," ",""),9)
```

ለአገር ውስጥ ስልክ ይሠራል፤ የውጭ አገር ቁጥር ግን ያበላሻል፣ እሱን በእጅ ነው የምጽፈው። ደግሞም ለሠርግ ሲሆን የሚዜዎቹ ልብስ ሁሉ በአንድ ስልክ ይታዘዛል። ስለዚህ ስልኩ ከፋዩን እንጂ ልብሱን አይለይም፤ ለእያንዳንዱ ልብስ የትዕዛዝ ቁጥር ጨመርን።

ቀኑ ደግሞ ሳይታወቅ የሚያሳስት ነው። ጥር 11ን 11/5/2017 ብዬ ስጽፍ ሺቱ ኖቬምበር 5 አደረገው፤ ምንም ስህተት ስለማያሳይ የገባኝ ቀኖቹን በቅደም ተከተል ስደረድር ነው። አሁን ዓመት፣ ወር፣ ቀን አያይዘን እንደ ተራ ቁጥር እንጽፋለን፦ 20170511። በትክክል ይደረደራል፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር ሆና ትገባለች።

የመሸጋገሪያውን ቀን የመረጥነው በሥራው ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ አይነካም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ስለሚቆም የካቲት 17ን ያዝን። ቅዳሜ ማታ በደብተሩ መጨረሻ ቀይ መስመር ተሰመረ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ትዕዛዝ እዚያ እንዳይጻፍ ተስማማን። እሑድ የ64ቱን ቀሪ ከደብተሩ በካልኩሌተር፣ ከሺቱ በSUM ደመርን፤ 1,500 ብር ተለያየ። ገጽ በገጽ ስንፈልግ በአንድ ልኬት ጎን በእርሳስ «1,500 ጨመረች» የሚል ጽሑፍ አገኘን፤ ሺቱ ላይ አልገባም ነበር። ድምሩ እስኪገጥም ሰኞ አንከፍትም ብዬ ነበር፣ ገጠመ።

ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው አሮጌ ትዕዛዝ እስኪወጣ አይነሳም። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ በካርኒ ጽፈን ማታ እናስገባለን። ለሸማኔው የሚላከው ወረቀት አሁንም በእጅ ነው፤ ቀጥሎ የምሞክረው እሱን ከሺቱ ማተም ነው።