በአማርኛ ጽፎልህ በእንግሊዝኛ ትመልስለታለህ?

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም «ቢሮህ ሌላ ሐበሻ ገባ አሉ! በቃ በአማርኛ ነዋ የምትሠሩት» አለኝ። ወይ የዋህነት! የምሠራው ሙኒክ፣ የጀርመኖች ድርጅት ውስጥ ነው። የክፍላችን የጋራ ቋንቋ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ጀርመኖቹ፣ ሕንዱ፣ ፖላንዳዊቷና እኔ የምንግባባው በእሱ ነው። ማን ለማን በምን ቋንቋ ይመልስ የሚለው ጣጣ እንዲህ ቀላል ቢሆንማ ኖሮ!

መጀመሪያ እስካሁን የሚከነክነኝን ልንገራችሁ። የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ ስለ ዓመት ፈቃድ ለተወሰንን ሰዎች በጀርመንኛ ጻፈች። እኔም በጀርመንኛ ጥያቄዬን ላክሁ። ሰላምታው ሙሉ፣ አንቱታው የተጠበቀ፣ ሰዋስዉ የተፈተሸ ነበር። መልሷ ለሁላችንም መጣ። ከላይ ለሌሎቹ በጀርመንኛ ዘርዝራለች። ከታች ስሜን ጠርታ፣ ለእኔ ብቻ፣ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይሄኛው አይገባውም» እንደማለት ነው። ኋላ ቡና ላይ ስጠይቃት «እንዲቀልልህ ብዬ ነው» አለች፤ ከልቧ። ጀርመን ሲያዝንልህም አንገት ያስደፋል።

ከዚያ ወዲህ ጀርመንኛ ስጽፍ ከግርጌ «በጀርመንኛ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል» የምትል መስመር አደርጋለሁ። ትሠራለች። እኔም ሰው በሰባራ ጀርመንኛ ለብቻዬ ሲጽፍልኝ በዚያው በጀርመንኛ እመልሳለሁ፤ አረፍተ ነገሩን አሳጥሬ። ለፍቶ የመረጠውን ቋንቋ ለምን እነጥቀዋለሁ?

ብዙ ሰው ያለበት ንግግር ግን ሌላ ነው። አዲሱ ሐበሻ የሙከራ ክፍል ውስጥ ነው። ስለ አንድ ሰንሰር ስምንት ሰዎች እየተጻጻፍን ሳለ፣ ለሁሉም መልስ የሚለውን ተጭኖ በአማርኛ ጻፈልኝ። ሰላምታው ራሱ ግማሽ ስክሪን ነው። ጀርመኑ ሰላም ሳይል ቁጥር ይጽፋል፤ የእኛ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ስክሪኑ ያልቃል። ዋናው ነገር ከታች ነበር፦ ሁለተኛው ሰንሰርም እየዋዠቀ ስለሆነ የማክሰኞው ሙከራ ወደ ሐሙስ ይዛወር፤ ስምንት ሰዓት ላይ ላብራቶሪ እንገናኝ።

ለሁሉም በእንግሊዝኛ መለስሁ። መጀመሪያ እሱ ያለውን በስሙ አስቀመጥሁ፦ ሁለተኛው ሰንሰር ይዋዥቃል፣ ሙከራው ሐሙስ 14:00 እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል። ቀጥዬ የራሴን መልስ ጻፍሁ፦ እስማማለሁ፣ መለዋወጫ እጠይቃለሁ። ለእሱ ለብቻው ደግሞ በአማርኛ «ወንድሜ፣ ሁሉም እንዲያነበው ብዬ ነው» አልሁት። ሰዓቷን ልብ በሉ። የእኛ ስምንት ሰዓት እንዳለ 8:00 ተብሎ ቢገለበጥ ኖሮ ሰዎቹ ጠዋት መጥተው ባዶ ክፍል ይጠብቁ ነበር።

ተቀየመኝ። «በአማርኛ ጽፌልህ በፈረንጅ አፍ ትመልስልኛለህ?» አለኝ። ነገሩ የኩራት አይደለም። ሕንዱ መለዋወጫ የሚያዝ ሰው ነው፤ የእሱ ሥራ ያለው እዚያ መልእክት ውስጥ ነው። አለቃችን በሦስተኛው ወር «ሙከራው ለምን ዘገየ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲፈልግ ምክንያቱ በአማርኛ ከተቀበረ አያገኘውም። ከዚያ ጥፋቱ ማን ላይ ይወድቃል? ምክንያቱን በጊዜው በጻፈው በሐበሻው በራሱ ላይ! ሌላም አለ። ሁለት ሰዎች በማይነበብ ፊደል ሲንሾካሾኩ የሚያይ ሰው ስለ እሱ የሚወራ ይመስለዋል። ጀርመኖቹም ይህን ያደርጋሉ፣ አልክድም። ንግግሩ ሳይታወቅ ወደ ጀርመንኛ ይገባል፤ ርዕሱ ላይ የነበረው RE: ወደ ጀርመንኛው AW: ሲለወጥ አውቀዋለሁ። ያኔም ጀርመንኛውን ብችልም ፖላንዳዊቷ ስለማትችል በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ።

ሰው ሲታመም ወይ ሐዘን ሲደርስበት ግን የሥራ ቋንቋ የሚባል ነገር አላውቅም። ለብቻው፣ በአፉ መፍቻ ቋንቋ።

ልትመጡ የምታስቡ፣ የመንግሥት ቢሮን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት። እዚያ የላኪና የተቀባይ ጨዋነት የለም። የጀርመን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 23 የቢሮው ቋንቋ ጀርመንኛ ነው ይላል። ጸሐፊዋ በፈገግታ እንግሊዝኛ ብታናግራችሁም ማመልከቻው በጀርመንኛ ይሁን። ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሆኖ በሌላ ቋንቋ ካስገባችሁ፣ ቢሮው ትርጉም አምጡ ሲል በሰጣችሁ ጊዜ ውስጥ አድርሱ፤ ያኔ መጀመሪያ ያስገባችሁበት ቀን ይያዝላችኋል። ካረፈዳችሁ የሚቆጠረው ትርጉሙ የደረሰበት ቀን ነው።