የሁለቱ ገጾች ድምር 17

ጓደኛዬ ለእናቷ የደም ግፊት መለኪያ ገዛች። መመሪያው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። «ተርጉምልኝ፣ እማዬ ራሷ ታንብበው» ብላ ስምንት ፎቶ ላከችልኝ። ቡክሌቱ 16 ገጽ ነው። ለፎቶ እንዲመቻት የመሃሉን የስቴፕለር ሽቦ ነቅላ ወረቀቶቹን ዘርግታቸዋለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ይታያል።

ፎቶዎቹን በመጡበት ተራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበብኩ መተርጎም ጀመርኩ። ሁለተኛው ላይ ነገሩ ተምታታብኝ። በግራ በኩል የብልሽት ምልክቶች ሰንጠረዥ አለ። በቀኝ በኩል ደግሞ ጨርቁ ክንድ ላይ እንዴት እንደሚጠመጠም ይናገራል፣ ያውም ከዓረፍተ ነገር አጋማሽ ጀምሮ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የራሴን እንግሊዝኛ ነበር።

ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቡክሌት የሚሠራው ወረቀቶች ተደራርበው፣ መሃል ላይ ታጥፈው፣ እጥፋቱ ላይ ተሰፍተው ነው። ከላይ ያለው ወረቀት በአንድ ፊቱ 16ኛውንና 1ኛውን ገጽ ይይዛል፤ በሌላው ፊቱ 2ኛውንና 15ኛውን። ሲነቀልና ሲዘረጋ ጎረቤት የሚሆኑት ገጾች በንባብ ጎረቤት አይደሉም። ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ የሚነበበው የመሃሉ ወረቀት ውስጠኛ ፊት ብቻ ነው፣ 8 እና 9።

ይህን ሳውቅ አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። በየትኛውም ፎቶ ላይ የሁለቱ ገጾች ቁጥር ሲደመር 17 ይመጣል፤ ከጠቅላላው ገጽ በአንድ ይበልጣል። ተጋማሽ ቁጥር ሁልጊዜ በግራ፣ ጎዶሎ በቀኝ ነው። ሦስት ፎቶዎች ላይ የአንዱ ገጽ ቁጥር ተቆርጦ ቀርቶ ነበር። 5 የሚታይበት ፎቶ ላይ የግራው 12 መሆን አለበት ማለት ነው። ሽፋኑን ሳይቆጥሩ ቁጥር የሚጀምሩ ቡክሌቶች አሉ፤ እዚያ ድምሩ ሌላ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በሚታዩበት አንድ ፎቶ ላይ ደምሮ ማየት ይበቃል።

ከዚያ እያንዳንዱን ፎቶ ለሁለት ቆርጬ በገጽ ቁጥሩ `01.jpg` `02.jpg` እያልኩ ሰየምኩ። ዜሮዋ ታስፈልጋለች። ያለሷ አንዳንድ ፕሮግራም 10ን ከ2 በፊት ያስቀምጣል።

ስሰይም 03 እና 14 ሁለት ጊዜ መጡብኝ። አንደኛው ፎቶ ደብዛዛ ስለነበር ጓደኛዬ ደግማ አንስታዋለች፣ ሁለቱንም ልካለች። ስለዚህ ስምንት ፎቶ ቢኖርም ሙሉ አልነበረም፤ 4 እና 13 የሉም። ፎቶ መቁጠር ብቻውን እንደማይበቃ ያን ጊዜ ገባኝ። «ገጽ 4 ይጎድላል» ብላት ከተበታተኑት ወረቀቶች መሃል መፈለግ ነበረባት። «3 እና 14 ያለበትን ወረቀት ገልብጠሽ አንሺው» አልኳት። ወዲያው ላከችልኝ።

ተራው ከተስተካከለ በኋላ ከሁሉ ያስጨነቀኝ የገጽ 6 እና 7 መገናኛ ነው። ገጽ 6 «መለኪያውን አይጠቀሙ» በሚል ያልቃል። የቀረው ገጽ 7 አናት ላይ ነው፦ ክንዱ ላይ የደም ሥር መርፌ ከተሰካ። ገጽ በገጽ ብተረጉም እናትየው ጭራሽ አትጠቀሙ የተባለ ሊመስላቸው ይችላል። በአማርኛ ደግሞ ሁኔታው ይቀድማል፣ ግሱ መጨረሻ ይመጣል። የገጽ 7 ቃላት ከገጽ 6 ቃላት በፊት መግባት አለባቸው። «መርፌ በተሰካበት ክንድ ላይ አይለኩ» ብዬ አንድ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ የየገጹን የመጨረሻ መስመርና የቀጣዩን የመጀመሪያ መስመር እየቀዳሁ አንድ ላይ እጽፋለሁ፣ ሁለቱ ተያይዘው ሲነበቡ ትርጉም ካልሰጡ አልተረጉምም። መጠንቀቅ ያለብን የግርጌ ማስታወሻ ሲኖር ነው። ገጽ 6 ግርጌ ላይ በትናንሽ ፊደል ስለ ባትሪ የተጻፈ ነበር። የገጹ የመጨረሻ መስመር እሱ ቢሆንም የሐሳቡ መጨረሻ ግን ከሱ በላይ ያለው መስመር ነው። ማስታወሻውን አውጥቼ ከአንቀጹ በታች አስቀመጥኩት።

በየገጹ አናት የሚደጋገመውን የዕቃውን ስም አወጣሁት። ከገጽ 12 ወደ 13 የሚያልፈውን ሰንጠረዥም አንድ አድርጌ ርዕሱን አንዴ ብቻ ጻፍኩ። «ገጽ 11ን ይመልከቱ» የሚለው ግን በአማርኛው ሰነድ ትርጉም የለውም፤ ገጾቹ ወደ ዘጠኝ ወርደዋል። በሁሉም ቦታ የክፍሉን ርዕስ ተካሁበት፦ «‹ልኬቱን ማንበብ› የሚለውን ይመልከቱ»።