ሁለት ቀን ያለው ፎቶ

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ፎቶዎች ክፍል ነው። አንድ ቀን አንዲት አዛውንት የቅድመ አያቶቻቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። የሰርጋቸው ዕለት የተነሱት ነው አሉን።

ፎቶው ካቢኔት ካርድ ነበር፤ ማለትም 11 በ16 ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ። ሴትዮዋ እንደ ድንኳን የተነፋ ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች። ፀጉሯ መሃል ለመሃል ተከፍሎ ጆሮዋን ሸፍኗል። ባልደረባዬ ይህን አይቶ “እ.ኤ.አ. 1860ዎቹ” ብሎ መዘገበ። ስለ ልብሱ ልክ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ካርቶኑ ነው። ጥቁር ቡናማ ነው፤ ጠርዙ በማዕበል ቅርጽ ተቆርጦ ወርቅ ተቀብቷል። እንዲህ ያለ ጠርዝ የመጣው በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ ነው። በማጉያ መነጽር ሳየው ደግሞ የወረቀቱ ቃጫ አይታይም። የ1860ዎቹ ወረቀት በእንቁላል ነጭ የተቀባ ስስ ወረቀት ስለሆነ ቃጫው በማጉያ ይታያል። በኋላ የመጣው ወረቀት ግን ከሥሩ ነጭ ሽፋን ስላለው ቃጫውን ይደብቀዋል።

ታዲያ ልብሱና ካርቶኑ ለምን አልተስማሙም? አሮጌ ልብስ ለብሳ ይሆናል ማለት ይቻል ነበር። ግን የባልየው ኮት በተቃራኒው ጎን ተቆልፏል። ሴትዮዋ ፊት ላይ አንድ ቀጭን ጭረት አለ፤ መብራቱን ከጎን ሳበራበት ግን ወረቀቱ ለስላሳ ነው። ጭረቱ ያለው ፎቶው ውስጥ እንጂ ፎቶው ላይ አይደለም። ይህ የሌላ ፎቶ ፎቶ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ደግሞ ቲንታይፕ ሳይሆን አይቀርም፤ በቀጭን ብረት ላይ በቀጥታ ስለሚነሳ ምስሉን እንደ መስታወት ይገለብጠዋል።

“እማማ፣ ቤትዎ ጥቁር ቆርቆሮ የመሰለ ፎቶ አለ?” አልኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት በወረቀት ከረጢቱ እንዳለ አመጡት። ማግኔት ያዘው፤ ጭረቱም እዚያው ቦታ ነው። ከረጢቱ ጀርባ አረንጓዴ የ3 ሳንቲም የቀረጥ ቴምብር ተለጥፏል። ይህ ቀረጥ በፎቶ ላይ የተጣለው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1864 እስከ ኦገስት 1 ቀን 1866 ብቻ ነው፤ የ3 ሳንቲሙም ዋጋው ከ25 እስከ 50 ሳንቲም ለነበረ ፎቶ ነው። ከረጢት ሊቀያየር ስለሚችል ውስጡን አየሁ። የብረቱ ዝገት ወረቀቱ ላይ የተወው ምልክት ከብረቱ ጠርዝ ጋር ገጠመ።

የቀረው ሰርጉ ነው። የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጋብቻው በ1861 ተጽፏል። እማማ ትንሽ ከፋቸው። መዝገቡ ላይ ካርዱን “በ1890 ገደማ የተባዛ”፣ ቲንታይፑን “1864–1866” አልን፤ የሰርጉን ታሪክ ደግሞ “የቤተሰብ ትውስታ” በሚለው መስመር አስቀመጥነው።