ሁለተኛው ዓመት ላይ የተረፈችኝ 90,000 ብር

ድርጅታችን ሐምሌ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በ6 ሚሊዮን ብር የማሸጊያ ማሽን ሥራ አስጀመረ። በእኛ መዝገብ 10 ዓመት ያገለግላል ብለን በየዓመቱ 600,000 ብር የእርጅና ቅናሽ ያዝን። የግብር ደንቡ ግን እንዲህ ላለ ማሽን 15 በመቶ ይፈቅዳል፤ 900,000 ብር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ትርፋችን ከግብር በፊት 4 ሚሊዮን ነበር። የራሳችንን 600,000 መልሼ ደመርኩ፣ የግብሩን 900,000 ቀነስኩ። 3.7 ሚሊዮን ቀረ። በ30 በመቶ ሲሰላ የዓመቱ ግብር 1,110,000 ብር ሆነ።

ከዚያ ወደ ማሽኑ ተመለስኩ። በመዝገባችን የቀረው ዋጋ 5.4 ሚሊዮን፣ ለግብር የቀረው 5.1 ሚሊዮን። የልዩነቱ 30 በመቶ 90,000 ብር ነው፤ ወደፊት የሚከፈል ግብር ስለሆነ በዲፈርድ ታክስ ወጪ ዴቢት፣ በዲፈርድ ታክስ ዕዳ ክሬዲት አደረግኩት። ጠቅላላ የግብር ወጪው ልክ 1.2 ሚሊዮን መጣ፣ የ4 ሚሊዮን 30 በመቶ። ደስ አለኝ።

ባለቤቱ ግን አልተደሰቱም። «ግብሩን ከፍለን የምን ሌላ ዕዳ ነው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ ማንም አይጠይቅዎትም። ማሽኑ ለግብር ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ወደፊት የምንቀንሰው ነገር ሲያጣን የሚመጣ ነው» አልኳቸው። ፊታቸው አልተፈታም።

የተሳሳትኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ልዩነቱ 600,000 ደርሶ ስለነበር የዕዳው ሂሳብ 180,000 ይሆናል። እኔ ሙሉውን 180,000 የዓመቱ ወጪ አድርጌ መዘገብኩት። 90,000ው ካለፈው ዓመት ዞሮ እንደመጣ ረሳሁት! ያጋለጠኝ መቶኛው ነው። ትርፉ 5 ሚሊዮን፣ የዓመቱ ግብር 1,410,000፣ ከእኔ 180,000 ጋር 1,590,000፤ 31.8 በመቶ። ቅጣት ወይም ሌላ ለግብር የማይቀነስ ወጪ ቢኖረን ኖሮ ከ30 መብለጡ ባልገረመኝ። አልነበረንም። ሌጀሩን ስከፍት ዕዳው 270,000 ይላል። ወጪ የሚሆነው የዓመቱ ለውጥ ብቻ ነው፤ 90,000 ቀንሼ አስተካከልኩ።

ከዚያ በኋላ የ10 ዓመቱን ሰንጠረዥ በአንድ ገጽ ሠራሁ። እስከ 6ኛው ዓመት ዕዳው በየዓመቱ በ90,000 እያደገ 540,000 ይደርሳል። 7ኛው ዓመት ላይ ይቆማል፤ ለግብር የቀረው 600,000 ብር ብቻ ስለሆነ ከእኛ ጋር እኩል ይሆናል። ከ8ኛው እስከ 10ኛው ለግብር የሚቀነስ የለም፣ ዕዳው በየዓመቱ 180,000 እየወረደ ያልቃል።

ገጹን ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ጣታቸውን 8ኛው ዓመት ላይ አሳርፈው «እና እዚህ ጋ ነው የሚያመን?» አሉ። «አዎ» አልኳቸው። «ያኔ ሌላ ማሽን እንገዛለን» አሉና ፈረሙ።