ስቴትመንቱን ሳልነካ ገቢዬን ያሳየሁበት መንገድ

በ2025 መጀመሪያ ላይ ባለቤቴና እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ኮንዶ ለመግዛት ስንነሳ፣ የከበደን ገንዘብ ማግኘቱ ሳይሆን ያገኘነውን ማሳየቱ ነበር። እሷ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ረዳት ናት። ደመወዟ በደብሊው ቱ ስለሚታይ ማንም ጥያቄ አላነሳበትም። እኔ ኡበር እነዳለሁ። እንደኔ በራሱ የሚሠራ ሰው ለመደበኛው የቤት ብድር ሲያመለክት የሚቆጠርለት ገቢ አካውንቱ ውስጥ የገባው ሁሉ አይደለም፤ ታክስ ሲያሠራ ስኬጁል ሲ ላይ የወጣው የተጣራ ትርፍ ነው። የኔ ትርፍ በ2023 27,000 ዶላር፣ በ2024 ደግሞ 30,000 ዶላር ነበር። በሁለቱ ዓመት አማካይ በወር 2,375 ዶላር ይመጣል፤ ለዚህ አካባቢ የቤት ዋጋ ትንሽ ነው።

ይህን የሰማ አንድ ወዳጄ የባንክ ስቴትመንት የሚያስተካክል ሰው እንደሚያውቅ ነገረኝ። ፒዲኤፉን ትልክለታለህ፣ ገቢዎቹን ከፍ አድርጎ ይመልስልሃል። «አንተ እኮ አልዋሸህም፤ በካሽ የምትቀበለውን ነው የሚጨምርልህ» አለኝ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ስቴትመንት የኔ ቃል አይደለም፤ የባንኩ ቃል ነው። ይህ ገንዘብ በዚህ ቀን ገብቷል ብሎ የሚመሰክረው ባንኩ ነው። ባንኩ ያልጻፈውን ቁጥር እንደጻፈው አድርጌ ለአበዳሪ ከሰጠሁ፣ ገንዘቡን በእርግጥ ኪሴ ውስጥ ተቀብዬው ቢሆን እንኳ የሰጠሁት ሰነድ የተጭበረበረ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ በክፍል 18 ቁጥር 1014 መሠረት፣ ብድር ለማግኘት አውቆ ለአበዳሪ ሐሰተኛ ነገር ማቅረብ ራሱ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል። ባንኩ እንዲከስር አያስፈልግም። ብድሩን በየወሩ ሳያዛንፉ መክፈልም ወንጀሉን አይፍቀውም። ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ ደግሞ 10 ዓመት ነው። 1003 የሚባለው የብድር ማመልከቻ ላይ ስንፈርም ይህንኑ ሕግ አውቀናል ብለን ነው የምንፈርመው። ማንም ባያነበውም እዚያው ተጽፏል።

ግሪን ካርድ ላለው ሰው ጉዳዩ ከዚህም ይከፋል። ማጭበርበሩ ያደረሰው ኪሳራ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ ከአገር ከሚያስባርሩት ከባድ ወንጀሎች ይመድበዋል። የቤት ብድር ሲበላሽ ኪሳራው እዚያ ለመድረስ ብዙም አይርቅም።

መያዙም ሩቅ አይደለም። አበዳሪው 4506-ሲ የሚባል ፎርም ያስፈርምና የታክስ መዝገባችንን ቀጥታ ከአይአርኤስ ያወጣል። የተጋነነው ስቴትመንት ከዚያ ጋር ካልገጠመ ጥያቄ ይነሣል። ካስፈለገም ስለ አካውንቱ ራሱን ባንኩን በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ወይም በእኛ ፈቃድ በኦንላይን ገብቶ መዝገቡን ራሱ ያያል። ስቴትመንቱም ራሱ ይናገራል፤ አንድ ገቢ ከፍ ከተደረገ ከእሱ በታች ያለው የየቀኑ ቀሪ ሒሳብ ሁሉ፣ የሚቀጥለው ወር መክፈቻም ጭምር መቀየር አለበት። አንዱ ከተረሳ ድምሩ አይገጥምም።

ያሳወቅነው ታክስ ላይ ያልገባው ካሽስ? እሱ ለብድር አይቆጠርም፣ በቃ። የሚቆጠር ገቢ የሚፈልግ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ካሹን አካውንት ውስጥ እያስገባ፣ ታክሱንም እየከፈለበት ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት መጠበቅ አለበት። ደስ የማይል መልስ ነው፤ ግን ሌላ የለም።

እኔን ያወጣኝ ማይሌጅ ነው። ታክስ ስናሠራ ለሥራ የነዳነውን እያንዳንዱን ማይል በመደበኛው ሒሳብ እንቀንሳለን። በ2023 በማይል 65.5 ሳንቲም፣ በ2024 ደግሞ 67 ሳንቲም ነበር። ይህ ሳንቲም ሁሉ ግን ከኪሳችን የወጣ ቤንዚንና ጥገና አይደለም። ከውስጡ በ2023 28 ሳንቲሙ፣ በ2024 30 ሳንቲሙ የመኪናው እርጅና ነው፤ ማለትም በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀነስ። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው የፋኒ ሜ የገቢ ማስሊያ ቅጽ፣ ቁጥር 1084፣ ይህንን እርጅና ወደ ገቢ መልሶ እንዲደምር ለአበዳሪው ይፈቅዳል። መጀመሪያ ያናገርኩት ሎን ኦፊሰር ስለዚህ ምንም አላነሳልኝም፤ የሁለተኛዋን በር ያንኳኳሁት ለዚህ ነው።

እሷ ጋ ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። በ2023 የነዳሁት 38,000 ማይል በ28 ሳንቲም 10,640 ዶላር ይሆናል፤ ከትርፌ ጋር ሲደመር 37,640። በ2024 40,000 ማይል በ30 ሳንቲም 12,000 ዶላር ነው፤ ከትርፌ ጋር 42,000። ሁለቱ ተደምረው ለ24 ወር ሲካፈሉ በወር 3,318 ዶላር ወጣ። አንድም ቁጥር ሳይነካ፣ ከመጀመሪያው 943 ዶላር በላይ። ማይሉን ያየችው በታክስ ሪተርኔ ላይ ነው። እኔ ግን መነሻና መድረሻ ማይሉን የሚይዝ የስልክ መዝገብ፣ የመኪናውን የሰርቪስ ደረሰኞች፣ የኡበርን ዓመታዊ ማጠቃለያና 1099-ኬውንም አብሬ ሰጠኋት። ማይሉን የሚያጋንን ሰው ደግሞ ታክስ ላይ ሌላ ማጭበርበር ፈጸመ ማለት ስለሆነ፣ የሰርቪስ ደረሰኝ ላይ ያለው ንባብ ጥሩ ምስክር ነው።

የባለቤቴ 4,300 ሲጨመር ገቢያችን 7,618 ሆነ። አበዳሪያችን ከዚህ 45 በመቶውን፣ ማለትም 3,428 ዶላር ገደማ፣ ለወር ዕዳ ሁሉ ፈቀደልን። ከዚያ ላይ የመኪናው 420 ወጣ።

ቀሪው ጥያቄ ዳውን ፔይመንቱ ነበር፤ እቁብ ደርሶኝ በአንድ ጊዜ አካውንት ውስጥ የገባ ትልቅ ገንዘብ። እቁብ ገቢ አይደለም፤ ቁጠባ ነው። ገቢ አስመስሎ ማቅረብም ሐሰት ነው። አበዳሪዎች ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ትልቅ ገንዘብ አካውንት ውስጥ ሲያዩ ደግሞ ማብራሪያ ይጠይቃሉ። የፋኒ ሜ ደንብ ግን በማኅበር የተጠራቀመ ቁጠባን ለዳውን ፔይመንት ይቀበላል፤ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ሰው የጻፈው ማረጋገጫ፣ ሁለተኛው እኛ በየጊዜው ስንከፍል የነበረበት ማስረጃ። የእቁባችን ሰብሳቢ ጋሼ ደብተራቸውን ሲያወጡ የሁላችን ስም በአማርኛ ነው፤ የኔን መስመር አስተርጉመን ከፊርማቸው ጋር አቀረብን። መዋጮውን በካሽ ሳይሆን በዜል እልክ ስለነበር የኔ ስቴትመንት ከደብተራቸው ጋር ቀን በቀን ገጠመ። በካሽ ብከፍል ኖሮ ይህ ግማሽ ምስክር ይጎድል ነበር።

ዕጣው ደርሶኝ መዋጮው ገና ስላላለቀ በወር የምከፍለው 500 ዶላር እንደ ዕዳ ተቆጠረብኝ፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ለቤቱ የቀረልን 2,508 ዶላር ገደማ ሆነ። የምንፈልገው ኮንዶ ከነኮንዶ ፊው፣ ከነታክሱና ከነኢንሹራንሱ በዚህ ውስጥ ገባ።

በባንክ ስቴትመንት ብቻ የሚሰጥ ብድርም አለ፤ የ12 ወይም የ24 ወር ገቢን አይተው፣ ለወጪ የተወሰነውን ቀንሰው ያሰላሉ። ታክሱ ላይ ብዙ ወጪ ለሚቀንስ ነጋዴ ይጠቅማል። እኛም ጠየቅን፤ ወለዱም ቅድመ ክፍያውም ከፍ ስላለብን ተውነው።