አስተናጋጁ ባሌን ከእኔ ሲያስጥለው

ባሌ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሴት አለች ብላችሁ እንዳትጠረጥሩ ነው። ያለው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግሩፑ ላይ «ውሃ መጣች?» የሚል አለ፣ «በሩ ላይ የቆመችው መኪና የማን ናት?» የሚል አለ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የጽጌረዳ ፎቶ ለጥፎ «መልካም ቀን» የሚል ጡረተኛም አለ። ባሌ ሁሉንም ያነባል። ራት ቀርቦ ያነባል፣ ቡና ተፈልቶ እጣኑ እየጨሰ ያነባል። ስለ እናቴ ጉልበት ስነግረው «እህ» ይላል። አንድ ማታ «ወጡ ውስጥ መርዝ ጨምሬበታለሁ» ብለው «እህ፣ ይጣፍጣል» አለኝ።

አልተናገርሽውም ወይ እንዳትሉኝ። «አንተ ሁልጊዜ ስልክ ላይ ነህ» ብዬው አውቃለሁ። «ማክሰኞ ዕለት ስልኬን ነክቻለሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ባትሪውም አልቆ ነበር። ከዚያ ጭቅጭቁ ሁሉ ስለ ማክሰኞ ሆነ። «ሁልጊዜ» ያልሽው ሰው እኮ ለመከላከያ አንዲት ማክሰኞ ትበቃዋለች፣ ክስሽ እዚያው ይፈርሳል። ሌላ ጊዜ የራሴን ስልክ አውጥቼ ልበቀለው ተደፋሁበት። ደስ አለው! «ዛሬ አንቺም ዘና ብለሻል» አለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ገባን። እሱ ማኪያቶ፣ እኔ ሻይ በሎሚ። ሻዬ ቀዘቀዘ፣ እሱ ቀና አላለም። ስለ ውሃ ፓምፑ ጥገና ክርክር ተነስቷል። እኔም ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ለምን በሚኖርበት አገር ሄጄ አላናግረውም አልኩና ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩለት። «እዚሁ ካፌ ውስጥ ነኝ። ከገባህ ጀምሮ እያየሁህ ነው። ቆንጆ ነህ። ምናለ ቀና ብለህ ብታየኝ?»

ላክሁት። ልክ በዚያች ቅጽበት ባሌ ሂሳቡን በቴሌብር ከፍሎ፣ ማረጋገጫውን እንዲያይ ስልኩን ወደ አስተናጋጁ አዙሮ ይዞለታል። የእኔ መልእክት ከላይ ዱብ አለ። ባሌ ስሜን «ማር» ብሎ ነው የመዘገበው።

አስተናጋጁ ልጅ እግር ነው። አነበበ። ፊቱ ተለዋወጠ። ቀስ ብሎ እኔን አየ፣ ከዚያ ስልኩን ከባሌ እጅ መንጭቆ ደረቱ ላይ ለጠፈው። «ጋሼ፣ ክፍያው… ኔትወርክ ነው መሰለኝ… አንዴ ካሸር ጋ ብቅ ይበሉ» አለ። ባሌ ሃያ ብር የጎደለበት መስሎት ተከተለው። እኔ ከተቀመጥኩበት አያለሁ። ልጁ ጆሮው ሥር ያንሾካሹካል፣ በአገጩ ደግሞ መስኮቱ ጋ ብቻዋን ኬክ የምትበላ ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሴትዮ ይጠቁመዋል። ባሌ ስልኩን ተቀብሎ አነበበ። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው፣ ባንኮኒውን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ።

«ሚስቴ እኮ ናት!» አለው።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ ለዚህ እኮ ነው ያሸሸሁልዎ!»

ለዚያ ልጅ ጥሩ ጉርሻ ሰጥተን ወጣን። ሴትዮዋ ኬኳን ጨርሳለች፣ ምንም አልሰማችም።

ቁም ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ አራት ኪሎ በእግር ወረድን። ባሌ መንገድ ላይ ስልክ አያወጣም። ስልክ ነጣቂ ይፈራል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ስልኩን እንደ ጫጩት ጨብጦ ነው የሚሄደው። በሳምንት ውስጥ ስልክ ሳያይ ከእኔ ጋር የሚቆይበት ጊዜ ይኸው መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ደግሞ ጎን ለጎን ስትሄዱ መፋጠጥ የለም። አሁንም እየሳቀ ነው። ስልኩን እያነበበ ሳለ ብናገረው እኮ ከእጁ ልቀማው የመጣሁ ይመስለዋል።

የጋብቻ አማካሪ የሆነች ጓደኛዬ የነገረችኝ ነገር ትዝ አለኝ። ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከካሬር ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 1999 ያሳተመው ጥናት አለ። አዲስ ተጋቢዎች በሚያጋጫቸው ጉዳይ ላይ ለ15 ደቂቃ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አደረጉ። ከዚያ ባለትዳሮቹን ለዓመታት ሲከታተሉ፣ የኋላ ኋላ የሚፋቱትን ከመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች አነጋገር መገመት ተችሏል። በወቀሳ የተጀመረ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ይቀጥላል። እኔ የማክሰኞዋን ጭቅጭቅ በስንተኛው ሰከንድ እንዳበላሸኋት አሰብኩ።

ስለዚህ «አንተ» ብዬ አልጀመርኩም። «ራት ላይ ሳወራህ ‹እህ› ስትለኝ ብቻዬን የምበላ ይመስለኛል» አልኩት። ዝም አለ። ወዲያው ልመናዬን አላስከተልኩም፣ መጀመሪያ ጠየቅሁት። «ለግማሽ ሰዓት ባታየው ምን ይቀርብሃል?»

እኔ ሱስ ነው ብዬ ነበር። እሱ ፍርሃት ነው አለኝ። ውሃ በተራ ነው የምትመጣው። ስትመጣ ፓምፑ ካልተነሳ የላይኛው ታንከር አይሞላም፣ በማግስቱ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ያሉት ሁሉ የሚሰድቡት እሱን ነው። አንድ ጊዜ አምልጦት ጄሪካን የያዙ ሰዎች በራችን ላይ ተሰልፈዋል፣ እኔም አይቻለሁ። የጽጌረዳውን ፎቶ የሚያነበው ያችን አንዲት መልእክት እየፈለገ ነው። ይሄን ሳላውቅ «ስልክህን ዝጋ» ብለው ኖሮ እንዴት እንደምንጣላ አስቡት።

ድልድዩን ሳናልፍ ተስማማን። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ስልኩ ኮመዲኖው ላይ ይቀመጣል። «አትረብሹኝ» የሚለው ቅንብር ይበራል፣ ጥሪው የሚያልፈው የዘበኛውና የእናቱ ብቻ ነው። ውሃ ከመጣች ዘበኛው መልእክት አይጽፍም፣ ይደውላል። «ያንቺስ ስልክ?» አለኝ። አዬ! እህቴ ከዱባይ የምትደውለው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ግን ሌላ ምን ልበል፣ የእኔም ኮመዲኖው ላይ ሄደ፣ እህቴ ወደ 3 ሰዓት ተዛወረች። ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ደግሞ። ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ ይተክዝበት። ማታውን ሙሉ ብጠይቀው ኖሮ እሺ ብሎኝ በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት ይዞት ይገባ ነበር። (ስልኩን የሚደብቅ፣ ስትጠጊው የሚገለብጥ ባል ላላት ይሄ ምክር አይሠራም፤ እሱ ጉዳይ የራት ሰዓት አይደለም።)

የመጀመሪያው ማታ ራት ቀረበ። ስልኮቹ ኮመዲኖው ላይ ናቸው። ባሌ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጨው ማስቀመጫውን ያሽከረክራል። ስለ እናቴ ጉልበት ጀመርኩለት። «የቱ ጉልበቷ ነው?» አለኝ! ልመልስለት አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። ዘበኛው ነው። ባሌ ተስፈንጥሮ አነሳው።

«ጋሼ፣ ውሃ አልመጣችም» አለ ዘበኛው። «እንዳይሰጉ ብዬ ነው።»

በማግስቱም ልክ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለ። ዛሬም አልመጣችም።