አውራ ጣቱ የሸፈነው ስንኝ

ባለፈው ጥር ሚዜ ሆኜ ነበር። ሚዜነት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መዋጮ አለ፣ ሱፍ መከራየት አለ፣ ሎሚ ተራ ተራ ጭፈራ አለ። እኔ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ወደቀ። ግጥም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የልደት ድግስ ላይ አራት መስመር ግጥም አንብቤ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሽራው ወዳጄ በየሄደበት «እሱ እኮ ገጣሚ ነው» ይላል። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ከሥሩ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለው፦ «ይቺን ወደ አማርኛ ገልብጥልኝ። ለእሷ በማይክ ነው የማነብላት። ቃል በቃል እንዳታደርጋት፣ እንደ ዘፈን እንድትፈስ።»

ፎቶውን ያነሳው ብሔራዊ ትያትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ላይ ነው። ዋጋው ሲወደድበት መጽሐፉን ትቶ ገጹን ብቻ በስልኩ ይዞ ሄደ። ሻጩ እየጮኸበት ስለነበር ፎቶው የሌባ ፎቶ ነው የሚመስለው። ገጹ ወደ መሃል ታጥፏል፣ የመስመሮቹ መጀመሪያ እጥፋቱ ውስጥ ገብቷል። ከታች ደግሞ ገጹን ወጥሮ የያዘው የወዳጄ አውራ ጣት ከነጥፍሩ ጉብ ብሏል።

ግጥሙን አወቅኩት። የስኮትላንዱ ሮበርት በርንስ በ1794 ያወጣው፣ ፍቅሩን ከቀይ ጽጌረዳ ጋር የሚያመሳስልበት ዘፈን ነው። አወቅኩት ስላችሁ ስሙን አወቅኩት ማለቴ ነው። ሙሉውን አንብቤው አላውቅም ነበር። ይሄ ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍለኛል።

የመጀመሪያው ቀን ያለቀው አንዲት መስመር ላይ ነው። ባሕሮች ሁሉ ስለመድረቅ ያወራል፣ መሃሉ ላይ ግን «ጋንግ» የሚል ቃል አለ። እኔ የማውቀው ጋንግ ሰፈር ውስጥ ሰው የሚቀማውን ነው። ሁለት ሰዓት ተጨነቅኩ። ረቂቄ ላይ እንዲያውም «ባሕሮች ተቧድነው እስኪደርቁ» ብዬ ጻፍኩና ትንሽ ኮራሁ። ቅኔ መስሎኝ።

ነገሩ የገባኝ ኤድንበራ ለሚኖረው የሙሽሪት ወንድም ስደውል ነው። ሳቁን ሲጨርስ አስረዳኝ። ዘፈኑ በለንደን እንግሊዝኛ አልተጻፈም፣ በስኮቶች አነጋገር ነው የተጻፈው። በእነሱ አነጋገር «ጋንግ» መሄድ ማለት ነው። ባሕሩ «እየደረቀ ሲሄድ» ነው እንግዲህ። ሌላም አለ። እኔ በአቧራ ነጠብጣብ ያለፍኳቸው ትንንሽ ጭረቶች ፊደል መጉደሉን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። «ኦል» የሚለው ቃል ከነምልክቱ «ኦ» ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ «ዊዝ» ደግሞ «ዊ»።

«ፎቶውን እንደ ፋይል ይላከው» አለኝ። ልክ ነበር። ቴሌግራም ፎቶን በተራው መንገድ ሲልክ ይጨምቀዋል፣ እንደዚያ ያለች ጭረት ደግሞ መጀመሪያ የምትጠፋው ነች። እንደ ፋይል ሲመጣ ሁሉም ጭረት ፍንትው ብሎ ታየ። አውራ ጣቱም ፍንትው ብሎ ታየ። ከጥፍሩ በላይ የአንዳንድ ረጃጅም ፊደላት አናት ብቅ ብሎ ነበር። አይቼዋለሁ፣ አልዋሽም። የሌላ ግጥም ርዕስ ይሆናል ብዬ ነው ያለፍኩት።

ወደ አማርኛው ስገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ጽጌረዳዋ የፈካችው «በጁን» ነው ይላል። ለእነሱ ጁን በጋ ነው፣ አበባ ነው፣ ፀሐይ ነው። ለእኛ ሰኔ ነው። ሰኔ ጭቃና ዣንጥላ ነው፣ የትምህርት ቤት ካርድ ነው። በዚያ ላይ ሠርጉ ላይ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት «በሰኔ የፈካች» ብትል አንዱ ከጎኑ ላለው «ሰኞ መሆኑ ነው የቀረው» ይለዋል። ሰኔና ሰኞ ሲገጥም ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለ ነገር በሠርግ አይነሳም።

መስከረምን ሞከርኩ። መስከረም ሲባል አደይ ይመጣል፣ አደይ ደግሞ ቢጫ ነው። ሙሽራው «ቀይ ነው የሚለው፣ እሷም የምትወደው ቀይ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ያወጣኝ ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው፣ በቤተ ክርስቲያን ማኅሌተ ጽጌ የሚቆምበት ወቅት። አበባ የሚፈካበት ጊዜ የራሱ ስም ካለው ሰኔን ምን አስታቀፈኝ? ደግሞ ሌላ ትርፍ አገኘሁ። እንግሊዝኛው «ቀይ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ እያከታተለ ጆሮ ያዝናናል። አማርኛ ላይ «ቀይ ቀይ ጽጌረዳ» ስትል ግን ብዙ አበባ ይመስላል። ስለዚህ ድግግሞሹን ከቀዩ አንስቼ ጽጌው ላይ ጣልኩት።

ቀጥሎ ምቱ። በእንግሊዝኛው አንዱ መስመር ስምንት ቀለም ገደማ፣ ተከታዩ ስድስት ገደማ እያለ ይፈራረቃል። ያንን በአማርኛ እንዳለ ልገልብጥ ስል የሚያነክስ ሰው ዱካ ሆነ። ሰው ጆሮው የለመደውን የወል ቤት መረጥኩ፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። ሁለቱን አጭር መስመር ባንድ ስንኝ ጠቅልዬ። እንዲህ ወጣ፦

ፍቅሬ ቀይ ጽጌ ናት፣ በጽጌ የፈካች፣
ክራር ናት በባቲ፣ ጥሩ የተቃኘች።

ጽጌረዳ ላይ «ረዳ»ን የቆረጥኩት ሁለት ቀለም ለማትረፍ ነው። ዋናው ላይ በደንብ ስለተቃኘ ዜማ ብቻ ነው የሚለው፤ ክራሩና ባቲው የእኔ ናቸው።

ቀለም መቁጠር ቀላል ከመሰላችሁ እውነት ቀላል አይደለም። የሚቆጠረው ፊደሉ ሳይሆን አፍ ላይ የሚሰማው ነው። «ቢደርቅ» ሲጻፍ አራት ፊደል ነው፣ ሲነገር ግን ቢ፣ ደርቅ፤ ሁለት። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ጣቴን እያጠፍኩ ስቆጥር ሰነበትኩ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ አይቶኝ «ጋሼ፣ መልስ ሰጥቼሃለሁ እኮ» አለኝ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ባሕር ይደርቃል፣ ዓለት በፀሐይ ይቀልጣል። ባሕሩን በዓባይ፣ ዓለቱን በዳሸን ተካሁ። ከዚያ «የሕይወት አሸዋ እስከፈሰሰ ድረስ» የሚል መጣ። ይሄ በብርጭቆ ውስጥ እየፈሰሰ ሰዓት የሚቆጥረው አሸዋ ነው። ግን የሙሽራው አጎት አሸዋ የሚያመላልስ ሲኖትራክ አለው። «የሕይወቴ አሸዋ» ብለን ስንጀምር ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ እሱን ነው የሚያየው። አሸዋውን ትቼ ጧፍ አደረግኩት። ያልቃል፣ እያለቀም ያበራል።

ዓባይ ቢደርቅ እንኳ፣ ዳሸን ቀልጦ ቢፈስ፣
እወድሻለሁኝ፣ ጧፌ እስኪጨርስ።

«እወድሻለሁኝ» ብቻውን ስድስቱንም ቀለም ጠረገ። እንግሊዝኛ ባንድ ቀለም «ላቭ» ብሎ ያልፋል። እኛ አንዴ ለመውደድ ግማሽ ስንኝ ይፈጅብናል።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ወዳጄ ማይኩን ያዘና አነበበ። እልል ተባለ! «ዳሸን ቀልጦ ቢፈስ» ላይ አንድ ሽማግሌ «ዓባይ አይደርቅም፣ ገድበነዋል» ብለው አዳራሹን አሳቁ። የሙሽሪት እናት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔ በልቤ ቀጣዩን ሥራዬን እያሰብኩ ነበር፤ ምናልባት መድበል።

ያኔ ነው የኤድንበራው ወንድም ከጠረጴዛው ብድግ ያለው። «የመጨረሻዋ አንቀጽስ? ዋናዋ እኮ እሷ ናት!» አለ። ሰውየው እዚያ ሀገር ዘፈኑን በየድግሱ ሲሰማ ኖሯል። ስልኩን አውጥቶ ሙሉውን ከፍቶ ሰጠኝ። ሙሽራው ደግሞ ማይኩን አስጨበጠኝና «በል እንጂ፣ እዚሁ ገልብጣት!» አለኝ። ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባ ሲሰማ የማይነፋ ገጣሚ የለም።

አንቀጹን አስቀድሜ አንብቤ መጨረስ ነበረብኝ። አላነበብኩም። የመጀመሪያዋን መስመር አይቼ ጣቴን ከጀርባዬ እያጠፍኩ ጀመርኩ። ምቱ በድምፄ ገብቷል፣ ቤቱም ይመታል፣ እኔም አይኔን ጨፍኛለሁ፦

በይ ደህና ሁኚልኝ፣ ብቸኛዋ ፍቅሬ፣
ርቄ ብሄድ እንኳ፣ ከዚች ከሀገሬ...

አዳራሹ ጸጥ አለ። አይኔን ስገልጥ የሙሽሪት እናት ቆመዋል። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ያ አውራ ጣት የሸፈነው የመሰነባበቻውን አንቀጽ ነበር። ዘፈኑ የሚሄድ ሰው ዘፈን ነው። ሲጨርስ «እመለሳለሁ» ይላል፣ ግን እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም። የባሰው ደግሞ «ብቸኛዋ» ያልኩት ነው። እኔ አንድ ያለችኝ ለማለት ነው። እሳቸው ብቻዋን የቀረችው ብለው ሰሙት። ቅኔ ሲፈለግ አይመጣም፣ ሳይፈለግ ግን ይኸው።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ እናትየው።

«የትም አልሄድም እማማ፣ ግጥም ነው» አለ ሙሽራው።

«ግጥም ከመሬት አይነሳም። ቪዛ ወጥቶልሃል?»

እኔ ለማዳን ብዬ ማይኩን ይዤ «እማማ፣ ይመለሳል! ቀጥሎ አሥር ሺህ ማይል ቢሆን እንኳ ተመልሼ እመጣለሁ ነው የሚለው» አልኩ። ይሄን ባላልኩ። የሲኖትራኩ አጎት ወዲያው ስልኩን አውጥቶ አሰላ። «አሥራ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው» አለ በሚሰማ ድምፅ። «አሜሪካ እንኳ ዋሽንግተን ድረስ አሥራ ሁለት ሺህ አይሞላም። ይሄ ከአሜሪካም ያልፋል።»

ሙሽሪት ማልቀስ ጀመረች። ወንድሟ በእንግሊዝኛ «ግን እኮ ቆንጆ አንቀጽ ነው» እያለ ይከራከራል። ዲጄው ነገሩን ለማብረድ ዘፈን ከፈተ። የከፈተው የስደት ዘፈን ነበር።

ይሄው ወራት አለፈ። ሙሽሮቹ ደህና ናቸው። ባለፈው እሁድ ቤታቸው ቡና ስንጠጣ እናትየው ነበሩ። ወዳጄ ዳቦ ሊገዛ ብድግ ሲል «የት ነው?» አሉት። ከታች ካለው ሱቅ እንደሆነ ነገራቸው። ቀና ብለው እኔን አዩኝና «ማይሉን ጠይቀው» አሉኝ። ፓስፖርቱ እስከ ዛሬ የሚገኘው እሳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከጋቢው ሥር።